ጥሬውን ነው የመዘንከው?

መካነ ሰላም ላይ ብረት የሚያነሳ አንድ ቀጭን ወጣት አለ እንበል። 56 ኪሎ ይመዝናል። የሚበላውን ሁሉ ስልኩ ላይ ሲመዘግብ በቀን 3,000 ካሎሪ ይሞላለታል። ሦስት ሳምንት አለፈ፤ ሚዛኑ ግን ንቅንቅ አላለም። ጓደኞቹ «ያንተ ሰውነት ምግብ አይቀበልም» ይሉታል። ልምድ ያለው አሠልጣኝ ግን ስለ ሰውነቱ ከማንሳቱ በፊት ስለ ምሳው ይጠይቀዋል።

«ፓስታውን ጥሬውን ነው የመዘንከው የበሰለውን?»

ወጣቱ የመዘነው ሳህኑ ላይ ያለውን 300 ግራም ነው። ከስልኩ የመረጠው ቁጥር ግን የጥሬው ነበርና 1,110 ካሎሪ ገደማ ተመዘገበለት። ፓስታ ሲቀቀል ውኃ ይጠጣል፤ የአንድ ፓኬት 500 ግራም ጥሬ ወደ 1,200 ግራም ይደርሳል። ስለዚህ የሳህኑ 300 ግራም የፓኬቱ ሩብ፣ ማለትም 125 ግራም ጥሬ ነው፤ ይህም 465 ካሎሪ አይሞላም። በአንድ ምሳ ብቻ 640 ያህል ካሎሪ በወረቀት ላይ ተበልቷል። ምስርና ሩዝም እንዲሁ ያታልላሉ። መፍትሔው ጥሬውን መዝኖ ማብሰል፣ ከዚያ ድስቱን ከነምግቡ መዝኖ የባዶ ድስቱን ክብደት መቀነስና ድርሻን ማስላት ነው።

ሽሮ ከዚህ ይብሳል። አንዱ ቤት ወፍራም፣ ሌላው ቤት ቀጭን ነው፤ «አንድ ጭልፋ» የሚባል ቋሚ ልክ የለም። ከቤተሰብ ጋር በአንድ ገበታ ሲበላ ደግሞ የራሱን ድርሻ ማን ይለካል? ለሁለት ሳምንት ብቻ ለብቻው ሳህን እንዲቀርብለት መጠየቅ አለበት፤ እናቱ ግር ሊላቸው ይችላል፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ሁለተኛው ስህተት ያለው ረቡዕና ዓርብ ላይ ነው። ወጣቱ ይጾማል፤ ምዝገባውን ግን ከትናንቱ ይገለብጣል። ያልበላቸው ሦስት እንቁላልና ግማሽ ሊትር ወተት 500 ካሎሪ ገደማ ናቸው። በሳምንት 1,000 ማለት በቀን ሲከፋፈል 140 ነው። ፓስታው የየቀን ምሳው ከሆነ፣ ሁለቱን ስህተቶች ስንደምር 3,000 የተባለው ወደ 2,200 ይወርዳል፤ ሚዛኑ ያልተነሳው በዚህ ምክንያት ነው።

ምዝገባው ጸድቶ ክብደቱ አሁንም ቢቆምስ? ጄምስ ሌቪንና ባልደረቦቹ በ1999 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት 16 ሰዎች ለስምንት ሳምንት በየቀኑ 1,000 ካሎሪ ተጨምሮላቸው ነበር። አንዳንዱ የጨመረው ስብ ግማሽ ኪሎ አልሞላም፣ አንዳንዱ ከአራት ኪሎ በላይ ጨመረ። ልዩነቱ በአብዛኛው ከስፖርት ውጭ ካለው እንቅስቃሴ የመጣ ነበር። ዳገት ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው ይህ ቀላል አይደለም።

በዚህ ጊዜ 70 ግራም ያህል በሶ፣ ማለትም 250 ካሎሪ ገደማ በየቀኑ ይጨመራል። ወጣቱ ጠዋት ጠዋት ከመብላቱ በፊት ይመዘናል፤ የሚነጻጸረው የአንድ ቀን ቁጥር ሳይሆን የሳምንቱ አማካይ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ አማካዩ ካልተነሳ ሌላ 70 ግራም ይታከላል። ክብደቱ ጭራሽ እየወረደ ሳል ወይም የሌሊት ላብ ከመጣ ግን ነገሩ ከምዝገባ አልፏል፤ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት።