አንድ ገጽ ያልሞላ እምቢታ

ፊት ለፊቴ ያለው ደብዳቤ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። አምስት አጫጭር አንቀጾች አሉት፤ አንድ ገጽ አይሞላም። የጻፈችው አዲስ አበባ ውስጥ ቡና ቆልቶ፣ በከረጢት አሽጎ በሚሸጥ ድርጅት የግዢ ክፍል የምትሠራ ወጣት ናት። የተጻፈው ደግሞ ከረጢቱን ከቻይና ለሚልክላቸው አምራች ነው። ከጀርባው ሥራ አስኪያጁ በአማርኛ የጫሩት ማስታወሻ ተያይዟል። ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ለኔ ትልቅ ደስታ ሆኖልኛል፤ ምክንያቱም ከማስታወሻው ወደ ደብዳቤው ሲታለፍ ምን እንደቀረ፣ ምን እንደተለወጠ፣ ምን እንደተጨመረ አንድ በአንድ ይታያል።

መጀመሪያ ከአምራቹ የመጣውን ማስታወቂያ ልንገራችሁ። የፕላስቲክ ፊልምና የአሉሚኒየም ፎይል ዋጋ በ10 በመቶ ገደማ ጨምሯል፣ የመርከብ ማጓጓዣም ተወዷል፣ ስለዚህ ከማርች 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሚጫን ዕቃ ሁሉ ላይ 15 በመቶ እንጨምራለን ይላል። አንዱ ከረጢት 0.18 ዶላር ነበር፤ 0.207 ሊሆን ነው። ችግሩ ያለው «በሚጫን ዕቃ ሁሉ» የሚለው ላይ ነው። ድርጅቱ 100,000 ከረጢት አዝዞ፣ ፕሮፎርማው ላይ ተስማምቶ፣ ባንኩም በ18,000 ዶላር ኤልሲ ከፍቶ ጨርሷል። ዕቃው የሚጫነው ግን በማርች አጋማሽ ነው። ማስታወቂያው እንደተጻፈ ከተወሰደ ያለቀው ስምምነት ላይ 2,700 ዶላር ይጨመራል ማለት ነው።

የሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ የተናደደ ሰው ጽሑፍ ነው፤ መናደዳቸውም ተገቢ ነው። «ይሄ ቀልድ ነው እንዴ? በጥር 15 ፕሮፎርማ ተስማምተናል፣ ኤልሲ ከፍተናል» ይላል የመጀመሪያው መስመር። ከዚያ «መርከቡን የምንከፍለው እኛ! እነሱን ምን አገባቸው?» ቀጥሎ «ዕቃው በ10 ጨመረ ብለው በ15 ይጨምሩብናል?» ከሥሩ «ዶላሩ ራሱ በእጥፍ ጨምሮብን ከየት እናመጣለን» የሚል አለ። ከዚያ በሁለት መስመር የተሰመረበት «ካልሆነ ሌላ ቦታ እንወስደዋለን በያቸው»፤ በመጨረሻ ደግሞ ቀዝቀዝ ብለው «ለአዲስ ትዕዛዝ እስከ 6 እንሄዳለን፣ ብዛት ከጨመርን። እስከ የካቲት 14 ይመልሱ።»

ልጅቷ መጀመሪያ የሠራችው ቀኖቹን ነው። ጥር 15 ጃንዋሪ 23 ሆኗል፣ የካቲት 14 ፌብሩዋሪ 21። ይህ ቀላል ይመስላል፤ ግን ብዙ የንግድ ደብዳቤ የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ወሩን ሁሌም በፊደል እንጂ በቁጥር አልጻፈችውም፤ በቁጥር ቢጻፍ ማርች 1 ለአንዱ አንባቢ ጃንዋሪ 3 ሊሆን ይችላል። ፕሮፎርማውንም በቁጥሩና በቀኑ ጠርታዋለች፣ ኤልሲውንም እንዲሁ። በማስታወሻው ላይ «ተስማምተናል» የሚለው ስሜት ነበር፤ በደብዳቤው ላይ ማንም ፋይል ከፍቶ የሚያገኘው ሰነድ ሆነ።

ከሁሉ የወደድኩት ሁለተኛውን አንቀጽ ነው። ማስታወሻው «ቃላችሁን አጥፋችኋል» የሚል መንፈስ አለው። ደብዳቤው ግን አምራቹን በምንም አይከስም። የሚለው በአማርኛ ሲነገር እንዲህ ነው፦ ማስታወቂያችሁ አስቀድሞ የተረጋገጡ ትዕዛዞችን ይመለከት እንደሆነ ለይቶ አይናገርም፤ እኛ የምንረዳው አዲስ ትዕዛዞችን ብቻ እንደሚመለከት ነው፤ በዚህ መሠረት የጃንዋሪ 23ቱ ትዕዛዝ በተስማማንበት 0.18 ዶላር እንደሚጫን በጽሑፍ አረጋግጡልን። እዚህ ውስጥ እምቢታው ሙሉ ነው፤ አንዲት ሳንቲም አልተሰጠችም። ሆኖም አምራቹ ወደ ኋላ ለመመለስ ተሳስቻለሁ ማለት አይጠበቅበትም። «አዎ፣ ማለት የፈለግነው ይህንኑ ነው» ብሎ በክብር መውጣት ይችላል። በሩን የከፈተችለት እሷ ናት።

በጽሑፍ አረጋግጡልን ማለቷንም ልብ ይሏል። «ካልመለሳችሁ እንደተስማማችሁ እንቆጥረዋለን» የሚል ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ዝምታ ግን ኋላ ክርክር ሲነሳ ለማንም ማስረጃ አይሆንም። በዚሁ አንቀጽ መጨረሻ ላይ ስለ ኤልሲው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፦ ኤልሲው በ18,000 ዶላር እንደተከፈተ፣ በዚያው መጠን እንደሚከፈል። ኤልሲን የሚገዛው ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዩሲፒ 600 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደንብ ነው፤ አንድ ጊዜ የተከፈተ ኤልሲ ያለ ባንኩና ያለ ተጠቃሚው ፈቃድ አይሻሻልም። መጠኑን ከፍ ለማድረግ ደግሞ ገዢው ራሱ ባንኩ ዘንድ ሄዶ ማመልከት፣ ተጨማሪ የውጭ ምንዛሪ ማግኘትና የማሻሻያ ክፍያ መክፈል አለበት። ይህን ሁሉ አልዘረዘረችም፤ የደንቡን ስምም አልጠራችም። የአምራቹ ሒሳብ ክፍል ቁጥሩን ሲያይ ይገባዋል።

የመርከቡ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። ግዢው በኤፍኦቢ ነው። ሻጩ ዕቃውን እዚያው ወደብ መርከብ ላይ እስኪጭን ያለውን ወጪ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ የባሕሩ ኪራይ የገዢው ነው። እንግዲህ የመርከብ ኪራይ ቢወደድ የሚጎዳው ይህ ቡና ቆይ ድርጅት እንጂ አምራቹ አይደለም። ሥራ አስኪያጁ ይህን በአንድ መስመር ይዘውታል፤ ጉልበታሙ ነጥብም ይኸው ነው። እሷ ግን እንደ ነጥብ አላቀረበችውም። ትዕዛዛችን በኤፍኦቢ ስለሆነና የባሕር ኪራዩ በእኛ በኩል ስለሚከፈል፣ ከ15 በመቶው ውስጥ ለማጓጓዣ የታሰበው ስንት እንደሆነ ብትገልጹልን እናመሰግናለን ብላ ጠየቀች።

ሥራ አስኪያጁ ረቂቁን ሲያዩ እዚህ ጋ ቆመው እንደነበር ነግራኛለች። «ለምን በግልጽ አልነገርሻቸውም? አጭበርብረዋል እኮ።»

«ጠይቄያቸዋለሁ እኮ፣ ጋሼ» አለቻቸው። «መልሱን ሲጽፉ ራሳቸው ያዩታል። እኔ ከነገርኳቸው ይከራከሩኛል።»

ልክ ናት። ለክስ ማስተባበያ ይጻፋል፤ ለቁጥር ጥያቄ ግን ቁጥር ወይም ዝምታ ብቻ ነው የሚመለሰው። የጥሬ ዕቃውንም ነገር በዚሁ መንገድ ይዛዋለች። ፊልሙና ፎይሉ በ10 በመቶ ቢጨምር፣ የከረጢቱ ዋጋ በሙሉ ጥሬ ዕቃ ቢሆን እንኳ ጭማሪው ከ10 አያልፍም። ኅትመት፣ ቫልቭ መግጠም፣ ሠራተኛና ትርፍ ሲኖርበት ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ጥሬ ዕቃው የዋጋውን 60 በመቶ ቢይዝ ጭማሪው 6 በመቶ ብቻ ይሆናል፤ ሥራ አስኪያጁ «እስከ 6» ያሉት ምናልባት ከዚህ ሒሳብ ይሆናል። ደብዳቤው ይህን ስሌት አያስተምርም። የጭማሪውን ዝርዝር በጥሬ ዕቃ፣ በሥራና በማጓጓዣ ለይታችሁ ላኩልን ብቻ ይላል።

የቀረውም ሥራ ነው። ስለ ዶላሩ የተጻፈው መስመር ደብዳቤው ውስጥ የለም። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ የአስመጪ ሁሉ ጭንቀት እሱ ነውና ሥራ አስኪያጁ መጻፋቸው አይገርምም። ነገር ግን አምራቹ የሚሸጠው በዶላር ነው፤ የብር መውረድ የሱ ጥፋት አይደለም። ቢጻፍለት የሚያነበው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ይህ ገዢ ገንዘብ አጥሮታል። ገንዘብ ላጠረው ገዢ ደግሞ ዋጋ አይቀነስለትም፤ ይልቅ ቅድሚያ ክፍያ ይጠየቃል።

«ሌላ ቦታ እንወስደዋለን» የሚለውም በቃሉ አልተጻፈም። ባዶ ማስፈራሪያ መሆኑን አምራቹ ያውቃልና። የከረጢቱ ኅትመት በሲሊንደር ነው የሚሠራው፤ ለእያንዳንዱ ቀለም አንድ ሲሊንደር ይቀረጻል፣ የሚቀመጠውም አምራቹ ግቢ ነው። አምራች መቀየር አዲስ ሲሊንደር ማስቀረጽ፣ ናሙና ማየት፣ ወራት መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ የነዚህን ሲሊንደሮች ዋጋ የከፈለው ገዢው ነው። ስለዚህ በአራተኛው አንቀጽ መጨረሻ፣ ስለ ቀጣዩ ዓመት ዕቅድ ከተነገረ በኋላ፣ አንዲት ጸጥ ያለች ዓረፍተ ነገር ገብታለች፦ ዋጋቸውን የከፈልናቸው ስድስቱ ሲሊንደሮች በእኛ ስም እንደተቀመጡ አረጋግጡልን። ሌላ ምንም የለም። በዚህ ሙያ ያለ ሰው ይህን ሲያነብ ገዢው ንብረቱን እየቆጠረ እንደሆነ ይገባዋል። ንብረቱን የሚቆጥር ገዢ ለምን እንደሚቆጥር ማብራራት አያስፈልገውም። ከማስታወሻው ውስጥ ያልነበረ፣ እሷ ከፋይል አውጥታ የጨመረችው ነገር ይህ ብቻ ነው፤ ለኔ የደብዳቤው ምርጥ ቦታም ይኸው ነው።

ትሕትናውስ የት አለ? ከላይ አንድ ምስጋና አለ፤ ጭማሪውን አስቀድማችሁ ስላሳወቃችሁን የሚል፣ እውነተኛ ምስጋና። ተቀባዩ «የተከበራችሁ» ተብሎ በጅምላ ሳይሆን ማስታወቂያውን በፈረመችው ሴት ስም ተጠርቷል። «በትሕትና እንጠይቃለን» የሚለው የመሥሪያ ቤት አማርኛችን በየአንቀጹ ወደ እንግሊዝኛው ቢሻገር ኖሮ ልመና ይመስል ነበር፤ እሷ አንድ ጊዜ ብቻ ተጠቅማበታለች፣ እሱም ዝርዝሩን ስትጠይቅ። እምቢ ያለችበት ቦታ ላይ ልስላሴ አልጨመረችም፤ ይቅርታም አልጠየቀችም።

አንድ የምነቅፈው አለኝ። የ6 በመቶው ሐሳብ የቀረበው በአራተኛው አንቀጽ መጀመሪያ ነው፦ ከኤፕሪል በኋላ ለሚታዘዝ፣ 150,000 ከረጢት በሁለት ጭነት ከወሰድን፣ ዋጋው እስከ ዓመቱ መጨረሻ እንዲጸና። ቅድመ ሁኔታዎቹ ጥሩ ናቸው። ግን ዝርዝሩ ሳይመጣ ቁጥሩ ተነገረ። ዝርዝሩን እስክታይ ብትጠብቅ ከ6 በታች ልትጀምር ትችል ነበር። እሷ ስትመልስልኝ ጋሼ መልሱን በአንድ ዙር መጨረስ ስለፈለጉ ነው አለች። ጭነቱ አንድ ወር ብቻ ስለቀረው ምክንያቱ ይገባኛል።

መልሱ የመጣው ፌብሩዋሪ 20 ነው። የጃንዋሪው ትዕዛዝ በ0.18 እንደሚጫን፣ ማስታወቂያውም አዲስ ትዕዛዞችን ብቻ እንደሚመለከት አረጋግጠዋል፤ በራሷ ቃላት ማለት ይቻላል። ሲሊንደሮቹ በስማቸው አሉ። ስለ መርከብ ኪራይ አንድም ቃል የለም፤ ዝርዝሩ ላይ ጥሬ ዕቃና ሥራ ብቻ ነው ያለው። ለአዲሱ ትዕዛዝ 8 በመቶ ጠይቀዋል፣ ዋጋው እስከ ዲሴምበር መጨረሻ እንዲጸና ተስማምተው። በ150,000 ከረጢት በ6ና በ8 መካከል ያለው ልዩነት 540 ዶላር ነው። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ማስታወሻ አልጻፉም፤ «ተቀበይ» ብለው ፈረሙ።