በአንድ ገጽ የተዘጋ ሒሳብ

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የግል ድርጅት ሰባት ዓመት ሒሳብ የሠራች ዘመዴ ሥራ የለቀቀችበትን ደብዳቤ አሳይታኛለች። የተጻፈው ጥቅምት 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው፤ አንድ ገጽ ሆኖ አንድ ሠንጠረዥ ተያይዞበታል። ድርጅቱን ትታ በግሏ ለነጋዴዎች ሒሳብ ልትሠራ ነበር። ደብዳቤውን ደጋግሜ ባነበብኩት ቁጥር እጇ ይበልጥ ይታየኛል።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ከኅዳር 15 ቀን 2012 ዓ.ም. የሥራ ሰዓት ማብቂያ ጀምሮ ሥራዬን በፈቃዴ የምለቅ መሆኔን በአክብሮት አስታውቃለሁ።» ብዙዎቻችን «እንድለቅ እንዲፈቀድልኝ እጠይቃለሁ» ብለን ነው የምንጽፈው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን የሙከራ ጊዜውን ከጨረሰ ሠራተኛ የሚፈልገው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ እንጂ የፈቃድ ጥያቄ አይደለም። «አስታውቃለሁ» የሚለው ቃል መብቷን ይይዛል፣ «በአክብሮት» የሚለው ደግሞ ትሕትናዋን።

ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በግሏ የሒሳብ አገልግሎት ልትሰጥ መወሰኗን በግልጽ ይናገራል። «በግል ችግር ምክንያት» የሚለውን የተለመደ መጋረጃ አልተጠቀመችም። ደብረ ታቦር ሰው ከቀድሞ አለቃው ጋር በገበያም በለቅሶ ቤትም የሚገናኝባት ከተማ ናት። እውነቱን ከሌላ ሰው አፍ ቢሰሙት ኖሮ ደብዳቤው ያሞቀው ሁሉ በቀዘቀዘ ነበር። ምስጋናዋም «ስለተደረገልኝ ሁሉ» በሚል ብቻ አልታለፈም፤ «በ2006 ዓ.ም. በደመወዝ ዝርዝር ላይ የሠራሁትን ስሕተት ከእኔ ጋር ተቀምጠው ስላስተካከሉልኝ» ይላል። በየቢሮው ሊጻፍ የሚችል ምስጋና አይደለም፤ ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀኝ ግን የቀኑ አመራረጥ ነው። ደብዳቤው በገባ በ30 ቀኑ፣ ኅዳር 5፣ መሄድ ትችል ነበር። ድርጅቱ የደረጃ «ሀ» ግብር ከፋይ ስለሆነ ሰኔ 30 የተዘጋውን ዓመት ሒሳብ እስከ ጥቅምት 30 ማሳወቅ አለበት። የጥቅምት ወር የሥራ ግብርና የጡረታ መዋጮ ደግሞ በኅዳር ውስጥ ይከፈላል። ስለዚህ አሥር ቀን ጨመረች። የዓመቱን ሒሳብ ራሷ አስገብታ፣ የጥቅምትን ወርኃዊ ማሳወቂያ ተተኪው እንዲሠራውና እርሷ አጠገቡ ሆና እንድታየው ነው። ማስረከብ ማለት ይህ ነው፦ መጀመሪያ እየሠሩ ማሳየት፣ ቀጥሎ ሲሠራ ማየት።

የተያያዘው ሠንጠረዥ የሚረከበውን አንድ በአንድ ያስቀምጣል። በካዝና ያለው ጥሬ ገንዘብ በቆጠራ፤ የባንክ ሒሳቡ ከመዝገብ ጋር ተመሳክሮ፤ ያልተቆረጡ ደረሰኞችና ቼኮች ከቁጥር እስከ ቁጥር፤ ተሰብሳቢና ተከፋይ ሒሳብ በየስሙ፤ የፒችትሪ ይለፍ ቃል በታሸገ ፖስታ። በእያንዳንዱ መስመር ትይዩ የአስረካቢ፣ የተረካቢና የታዛቢ ፊርማ ቦታ አለ። ደረሰኝ በቁጥር ሳያስረክብ የሄደ ሰው ከወራት በኋላ አንድ ጥራዝ ቢጠፋ የሚመልሰው ነገር የለውም፤ ያኔ ወዳጅነቱም ይበላሻል። ተተኪ ባይገኝስ? «እስከ ጥቅምት 25 ሰው ካልተመደበ ለሚወክሉት ሠራተኛ አስረክባለሁ» የምትል አንዲት መስመር ያንንም ዘግታዋለች።

ሙቀቱና ወሰኑ የሚገናኙት በመጨረሻው አንቀጽ ነው። እስከ ጥር 30 ድረስ እርሷ በሠራችው ሒሳብ ላይ ለሚነሳ ጥያቄ ያለ ክፍያ በስልክ እንደምትመልስ፣ አዲስ ሥራ ከሆነ ግን በተለየ ውል እንደሚሆን ጽፋለች። ቀን ያልተቆረጠለት «ምንጊዜም አለሁ» ለጊዜው ደስ ያሰኛል፤ በኋላ ግን አንዱን ያማርራል፣ ሌላውን ያስቀይማል። የድርጅቱን ምስጢር ለሌላ ደንበኛ እንደማታወጣም አክላለች። ለራሷ የጠየቀችው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ የሥራ ልምድ ማስረጃና ያልተወሰደ የዓመት ፈቃድ ክፍያ።

ደብዳቤውን በሁለት ቅጂ አዘጋጅታ አንዱን በመዝገብ ቤት ማኅተምና ቀን አስመትታ ወስዳለች፤ 30ው ቀን የሚቆጠረው ከዚያ ነውና። ኅዳር 15 ቀን ሠንጠረዡ በሦስት ፊርማ ተሞልቶ ተዘጋ። በየካቲት ደግሞ ከቀድሞ አሠሪዋ ጋር አዲስ ውል ተፈራረመች፤ በዓመት አንድ ጊዜ የዓመቱን ሒሳብ ልትዘጋላቸው።