«ጥላሁን አይደለም» — ታዲያ ማነው?

ጓደኛችን በቀደም ያነበበልን አጭር ልቦለድ ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፤ የአንድ የጉና እረኛ ፎቶግራፍ «ጥላሁን ገሠሠ በልጅነቱ» ተብሎ በፌስቡክ ይሰራጫል። ደራሲው ስሕተቱ የሚታወቅበትን ፍንጭ በዘዴ አስቀምጧል፤ ከልጁ ኋላ ጅብራ ቆሟል። ጅብራ የውርጭ አገር ተክል ነው። በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወልዶ ወሊሶ ያደገው ጥላሁን ደግሞ የወይና ደጋ ልጅ ነው።

እስከዚህ ግሩም! ቅር ያለኝ መጨረሻው ነው። አንድ የደብረ ታቦር መምህር ጅብራውን አይቶ «ይህስ ጥላሁን አይደለም» ሲል ታሪኩ ያልቃል። ታዲያ ማነው? ልጁ ከመነሻ እስከ መድረሻ አንዲት ቃል አይናገርም፤ ስሙም አይነሳም። ለዘፋኙ ስሙ ተመለሰለት፤ የእረኛውስ የት ቀረ? ደራሲው የነቀፈውን ጥፋት ራሱ ደገመው።