ኢሜይሉ ቡናውን ይከተል

ቡና ቆልተው በየሁለት ሳምንቱ በፖስታ ለሚልኩ አነስተኛ ቤቶች የኢሜይል ጽሑፍ አዘጋጃለሁ። አዲስ የተመዘገበ ደንበኛ ሦስት መልእክት ይደርሰዋል። ባለቤቶቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት ቃሉን ስለማሳመር ነው። እኔ አስቀድሜ የማየው ግን መልእክቱ የሚወጣበትን ቀን ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ያለ አንድ ቤት ቡና የሚቆላው ሰኞ ብቻ ነው። ማክሰኞ ለፖስታ ይሰጣል፤ ሐሙስ ወይም ዓርብ ከደንበኛው ደጅ ይደርሳል። የኢሜይል መላኪያው ፕሮግራም ግን የራሱ አቆጣጠር ነበረው፦ አንደኛው መልእክት ወዲያው፣ ሁለተኛው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ሦስተኛው በአምስተኛው ቀን። ዓርብ ማታ የተመዘገበ ሰው እሑድ ዕለት “ቡናዎን እንዲህ ያፍሉ” የሚል ጽሑፍ ይደርሰዋል፤ ቡናው ገና ጥሬ ነው። ረቡዕ “እንዴት አገኙት?” ተብሎ ይጠየቃል፤ ከረጢቱ መንገድ ላይ ነው። ከደንበኞች የሚመጣው መልስ “ኧረ ገና አልደረሰኝም” የሚል ብቻ ሆነ።

ስለዚህ አቆጣጠሩን ከምዝገባው ፈትተን ከቡናው ጋር አሰርነው።

አንደኛው መልእክት ወዲያው ይሄዳል፤ አጭር ነው። ርእሱ “ቡናዎ ሰኞ ይቆላል” ይላል። ውስጡ የቡናውን ዓይነት፣ የሚላክበትን ቀን፣ እንዲሁም ምዝገባውን ማቆም ወይም ማዘግየት የሚቻልበትን ቦታ ይነግራል። እሑድ ከቀትር በኋላ የተመዘገበ ሰው ለማግስቱ ቆላ ስለማይደርስ ቀኑ ወደሚቀጥለው ሳምንት ሰኞ መዞር አለበት፤ ይህን ፕሮግራሙ በራሱ እንዲለይ ካላደረጋችሁት የመጀመሪያው ቃላችሁ ሐሰት ይሆናል። የቤቱን ታሪክ እዚህ አላስገባም። ሰውየው ገንዘብ ከፍሏል፤ ማወቅ የሚፈልገው ቡናው መቼ እንደሚመጣ ነው።

ሁለተኛው የሚወጣው ፖስታው “ደርሷል” ብሎ ሲመዘግብ ነው። ይህ የፖስታ ማረጋገጫ ሳይመጣ ከቀረ፣ ከተላከ በስድስተኛው ቀን ይውጣ። ከሦስቱ አብልጬ የምደክመው በዚህኛው ነው፤ ደንበኛው ከረጢቱን በእጁ ይዞ ያነበዋልና። አምስት ዓይነት አፈላል መደርደር አያስፈልግም፤ አንዱን በወረቀት ማጥለያ የሚፈላውን እንጽፋለን፦

“15 ግራም ቡና፣ 250 ግራም ውኃ። ውኃው ከፈላ በኋላ ጥቂት ይብረድ። መጀመሪያ 45 ግራም ያህል አፍስሰው ቡናውን ያርሱት፤ ሠላሳ ሴኮንድ ጠብቀው ቀሪውን ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ከኮመጠጠ በሚቀጥለው ጊዜ ደቀቅ አድርገው ይፍጩት፤ ከመረረ ሻከር ያድርጉት።”

በዚያው መልእክት ቡናው ስለተቆላበት ቀን አንድ አንቀጽ እጨምራለሁ፤ በተለይ አበሻ ደንበኞች ይጠይቃሉ። እኛ ቤት ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ወዲያው በጀበና ይፈላል፤ ታዲያ ከተቆላ አራት ቀን የሆነው እንዴት ትኩስ ይባላል? አዲስ የተቆላ ቡና ውስጥ ብዙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለ። ጀበና ውስጥ ቡናው ከውኃው ጋር ስለሚንተከተክ ጋዙ ያን ያህል አያስቸግርም። በወረቀት ሲጠልል ግን ጋዙ ውኃው ዱቄቱን በእኩል እንዳያርሰው ያግዳል፤ ጥቂት ቀን ማረፉ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። ይህን ያልተነገረው ሰው ያረጀ ቡና የተላከለት ይመስለዋል።

ሦስተኛው ቡናው ከደረሰ ከአምስት ቀን በኋላ ይወጣል፤ ቅናሽም፣ የአድናቆት ልመናም የለበትም። የሚጠይቀው ስለ መጠን ነው። 250 ግራም ቡና፣ 15 ግራም ለአንድ ሲኒ ከተባለ፣ 16 ሲኒ ይወጣዋል። በቀን ሁለት ለሚጠጣ ሰው ስምንት ቀን ነው፤ በቀን አንድ ለሚጠጣው ግን ሁለተኛው ከረጢት ሲመጣ የመጀመሪያው አላለቀም። ከረጢት የተደራረበበት ሰው ቡናውን ቢወደውም ምዝገባውን ያቋርጣል። ስለዚህ ሦስት ምርጫ እናቀርባለን፦ “ልክ ነው”፣ “ይተርፈኛል”፣ “ያንሰኛል”። “ይተርፈኛል” ያለው ደንበኛ ቡናው በየአራት ሳምንቱ እንዲመጣለት ይደረጋል። መልእክቱ ከሚቀጥለው ክፍያ በፊት መድረስ አለበት፤ ገንዘቡ ከተቆረጠ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ደንበኛውን ያስቆጣል።

ሥራው መሳካቱን ስንት ሰው ኢሜይሉን እንደከፈተ በመቁጠር አልለካም። አፕል በ2021 ባመጣው የግላዊነት ጥበቃ ምክንያት ሰው ያላነበበው መልእክትም እንደተከፈተ ሊቆጠር ይችላል። እኔ የማየው መልሱን፣ የመጠን ምርጫውን፣ ከሁለተኛው ከረጢት በፊት ያቋረጡትን ነው።

አንድ ክፍተት አሁንም አለ፦ ስጦታ። ቡናው ለሌላ ሰው ከተላከ የአፈላሉ መልእክት የሚደርሰው ለገዢው ነው። ትእዛዙ ላይ “ስጦታ ነው” የሚል ምልክት አድርጉና ሁለተኛው መልእክት እንዲቀርለት አድርጉ፤ አፈላሉንም በወረቀት አትማችሁ ከረጢቱ ጋር ላኩ።