«እሺ ጋሼ» የሚል ታካሚ

ተክለ ሃይማኖት አካባቢ በምሠራባት የምክር ክፍል አዘውትሬ የምሰማው ቃል «እሺ» ነው። ታካሚው የቤት ሥራ ስሰጠው «እሺ ጋሼ» ይላል፤ በሳምንቱ ሳይሠራው ይመጣል፤ ወይም ጭራሹን ይቀራል። አንዳንዱ ባለሙያ ይህን ስንፍና ይለዋል፣ ሌላው ባህላችን ነው ብሎ ያልፈዋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው «እሺ» የሚለው ለእኔ ነው ወይስ ለሌላ ሰው የሚለውን ነው።

ለሠልጣኞች ሳስረዳ ከአስተማሪና ከተማሪ እነሳለሁ። ሦስተኛ ክፍል ሳለች አስተማሪዋ በማስመሪያ ይመታት የነበረች ልጅ አራተኛ ክፍል ገባች እንበል። አዲሱ አስተማሪ ሰሌዳ ላይ ሊጽፍ እጁን ሲያነሳ ትሸማቀቃለች። ሰውየው አንድም ቀን አልነካትም፤ እሷ ግን በእሱ ውስጥ የቀድሞውን ታያለች። ትራንስፈረንስ የሚባለው ይህ ነው። አሁን ወደ አስተማሪው እንዙር። ታናሽ እህቱን ያሳደገ ሰው ከሆነ የልጅቱ ፍርሃት አንጀቱን ይበላዋል፤ ጥያቄ አይጠይቃትም፣ ነጥብም ይጨምርላታል። ሌላው ደግሞ «ምን አደረግኳትና ነው?» ብሎ ይበሳጭና ሳያስበው ይጮህባታል፤ በዚያች ቅጽበት የፈራችውን ሰው ሆነላት። የሁለቱም ምላሽ ካውንተርትራንስፈረንስ ነው። በመጀመሪያው ልጅቱ መመለስ እንደምትችል ሳታውቅ ትቀራለች፤ በሁለተኛው ፍርሃቷ ልክ እንደነበረ ይረጋገጥላታል።

ፍሮይድ ራሱ ስለ ትራንስፈረንስ የተማረው ታካሚ ሄዳበት ነው። «ዶራ» ብሎ የጠራት ወጣት በአውሮፓውያኑ 1900 መጨረሻ፣ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላት ሕክምናውን አቋርጣ ወጣች። በ1905 ታሪኳን ሲያሳትም ትራንስፈረንሱን በጊዜው እንዳልደረሰበት ጻፈ። የሐኪሙ ስሜት ግን ለረጅም ጊዜ በአመዛኙ እንደ እንቅፋት ይታይ ነበር። ፓውላ ሃይማን በ1950 ባወጣችው ጽሑፍ ያ ስሜት ስለ ታካሚው መረጃ ሊሰጥ እንደሚችል አሳየች።

ማንም እንዳይታወቅ ከብዙ ሰዎች ያቀናበርኩትን አንድ ታሪክ ላንሳ። ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው የሱቅ ሠራተኛ እንቅልፍ አጥቶ ወደ አንድ ባልደረባዬ መጣ። ለሁሉም ነገር «እሺ ጋሼ» ይላል። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ማርፈድ ጀመረ። ባልደረባዬ ለሱፐርቪዥን ሲመጣ የነገረኝ ስለ ታካሚው ሳይሆን ስለ ራሱ ነበር፦ ሃምሳ ደቂቃው ሲያልቅ ማቆም እንደሚያቅተው፣ ምክር እንደሚያበዛ፣ ታካሚው ሲያረፍድ ደግሞ ከነገሩ መጠን በላይ ንዴት እንደሚይዘው። ስንመረምረው ባልደረባዬ የቤቱ የበኩር ልጅ ነው፤ «ያልሰማኝ» የሚለው ታናሽ ወንድም አለው። ይህ የራሱ ድርሻ ነው። ንዴቱ ግን ሌላም ጥያቄ ያስነሳል፤ ይህን ታካሚ የሚቆጣ ታላቅ ሰው ከዚህ በፊትም ነበር ማለት ነው?

በሚቀጥለው ቀጠሮ ባልደረባዬ ስለ ማርፈድ አልገሠጸም፤ ትርጓሜም አልደረደረም። «እሺ ስትለኝ አንዳንዴ በሆድህ እምቢ የምትል ይመስለኛል። ብትቃወመኝ ምን የምሆን ይመስልሃል?» አለው። ልጁ ቆይቶ «እርስዎ ባይሆኑም… አጎቴ ይማታ ነበር» አለ። አባቱ ሞቶ ያሳደገው አጎቱ ነው፤ እሺ ብሎ መጥፋት ደግሞ በዚያ ቤት ከዱላ የሚያመልጥበት መንገድ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሥራው ልጁ በዚያች ክፍል ውስጥ «በዚህ አልስማማም» ማለትን መለማመድ ሆነ።

አክብሮትንና ትራንስፈረንስን መለየት እኛ ዘንድ ከባድ ነው፤ ታላቅን «ጋሼ» ማለት በሽታ አይደለምና። እኔ የምጠብቀው ነገር አለ። አክብሮት ከሆነ እየተቀራረብን ስንሄድ ይላላል፤ ቀልድም ቅሬታም ይገባበታል። ያለፈው ታሪክ ከሆነ ግን ምንም ብሠራ አይነቃነቅም፣ ከእኔ አድራጎት ጋርም አይመጣጠንም። ሁሉንም ነገር በትራንስፈረንስ ማሳበብም ሌላ ጥፋት ነው። ሐኪሙ ግማሽ ሰዓት አርፍዶ ታካሚው ቢቆጣ ቁጣው ስለ አጎቱ አይደለም፤ ይቅርታ መጠየቅ ይገባል። ራሱን ሊያጠፋ እያሰበ የመጣ ወይም ከእውነታ የራቀ ሰው ዘንድም መጀመሪያ የሚሠራው ደኅንነቱን መጠበቅ ነው፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ ይቆያል።

ወደ ባለሙያ የምትሄዱ አንባቢያን፣ መቅረት ሲያሰኛችሁ ስልክ ከመዝጋታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ሂዱና ያስቀየማችሁን ንገሩት። ያ ቀጠሮ ከሌሎቹ ሁሉ የበለጠ ሥራ የሚሠራበት ሊሆን ይችላል።