የግብሩና የረሃቡ ጥንድ ምስል፤ ስለ ምንጩና ስለ ትርጓሜው

በስልክ ከሰው ወደ ሰው ከሚተላለፉት ሚሞች መካከል፣ በሐዋሳ ከተማ ያሉ ተማሪዎቻችንም ለውይይት የሚያመጡት አንድ ጥንድ ምስል አለ። በአንደኛው ወገን ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ለውሻቸው ሥጋ ሲሰጡ ይታያሉ፤ በሌላው ወገን በረሃብ የመነመነ ሕፃን ይታያል። ከሥሩ የሚጻፈው ቃል እንደ ለጣፊው ይለዋወጣል፤ አንዱ ያለፈውን ሥርዓት ሊከስበት፣ ሌላው የዛሬውን ሹም ሊዘልፍበት ይፈልጋል። ተመልካቹ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ ነገር ይረዳል፤ ይኸውም ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ አገር፣ አንዱ ሌላውን እያየ የተፈጸሙ መሆናቸውን ነው። ይህ መረዳት ከየት እንደ መጣ መመርመር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የምስልን ምንጭ መፈለግ ዛሬ ቀላል መስሎ ይታያል። ምስሉን ለጎግል ሌንስ ወይም ለቲንአይ መስጠትና ከወጡት ውጤቶች ቀደም ያለውን መምረጥ ነው። ነገር ግን በዚህ ሥራ ላይ የሚታየው ዋና ስሕተት ከዚሁ ይጀምራል። ቲንአይ ውጤቶቹን ከጥንታዊው ጀምሮ ሲደረድር፣ የሚቈጥረው ቀን ምስሉ የተነሣበትን ሳይሆን መሣሪያው ምስሉን በድረ ገጽ ላይ መጀመሪያ ያገኘበትን ነው። አገልግሎቱም የተከፈተው በ2008 እ.ኤ.አ. ስለ ሆነ፣ ከዚያ በፊት ስለ ነበረው ዘመን በራሱ ሊመሰክር አይችልም። የድሮ ድረ ገጾችን የሚያሳየው የዌይባክ ማሽን መዝገብም ቢሆን ገጾችን መሰብሰብ የጀመረው በ1996 እ.ኤ.አ. ነው። እንግዲህ በ1960ዎቹ ዓ.ም. በፊልም ለተቀረጸ ነገር እነዚህ መሣሪያዎች የሚሰጡት ዱካውን እንጂ ምንጩን አይደለም።

ሁለተኛው ችግር ምስሉ ጥንድ በመሆኑ የሚመጣ ነው። መሣሪያው ጥንዱን እንደ አንድ ምስል ስለሚያየው ብዙ ጊዜ ሌሎች ጥንዶችን ያመጣል። ስለዚህ ምስሉን በመጋጠሚያው ላይ ቈርጦ፣ ጽሑፉን አስወግዶ፣ እያንዳንዱን ግማሽ ለብቻው መፈለግ ያስፈልጋል። ለጣፊዎች አንዳንድ ጊዜ ቀኙን ወደ ግራ ስለሚገለብጡት፣ ግማሹን ገልብጦ እንደገና መሞከር ይገባል። ይህም ሆኖ ከተንቀሳቃሽ ፊልም የተወሰደ ምስል ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ በድረ ገጽ ላይ የተቀመጠው የዚያው ፊልም ሌላ ቅጽበት ሊሆን ይችላልና። በዚህ ጊዜ መርማሪው መሣሪያውን ትቶ ወደ ፊልም ቤቶችና ወደ ቴሌቪዥን ድርጅቶች የመዝገብ ዝርዝር መሄድ፣ በምስል ሳይሆን በቃል፣ ማለት በቦታ፣ በዓመትና በአዘጋጅ ስም መፈለግ ይኖርበታል።

በዚህ መንገድ ስንከተለው የጥንዱ ታሪክ ወደ ወሎ ረሃብ ይወስደናል። ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. የእንግሊዝ ቴምስ ቴሌቪዥን ጆናታን ዲምብልቢ ያዘጋጀውን «ያልታወቀው ረሃብ» የተባለ ፊልም አሳየ። ይህ ፊልም የተናገረው ለእንግሊዝ ተመልካች ነበር፤ መልእክቱም ዓለም ያላወቀው መከራ አለና እርዳታ ይላክ የሚል ነው። ብዙ ገንዘብም ተዋጣበት። ንጉሡና ውሻቸው የዚህ ልመና ክፍል አልነበሩም።

አንድ ዓመት ገደማ ካለፈ በኋላ፣ መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ደርግ ይህንኑ ፊልም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየ። ነገር ግን የታየው የለንደኑ ፊልም እንዳለ አልነበረም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብር፣ የሠርግ ድግስና ንጉሠ ነገሥቱ ውሾቻቸውን ሲመግቡ የሚያሳዩ ክፍሎች ገብተውበት ነበር። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ቀን፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ወረዱ። በጊዜው ቴሌቪዥን ያለው ሰው ጥቂት ነበርና፣ ከምስሉ ይልቅ ርቆ የሄደው ስለ ምስሉ የተነገረው ወሬ ነው። ሕዝቡ ሲርበው ውሻው ሥጋ በላ የሚለው አነጋገር የስልኩን ሚም በብዙ ዓመታት ይቀድመዋል።

እዚህ ላይ የመጋጠሚያው ኃይል ይገለጻል። የሩሲያው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ ሁለት ምስሎች በተከታታይ ሲታዩ ተመልካቹ በአንዳቸውም ውስጥ የሌለ ሦስተኛ ሐሳብ እንደሚፈጥር ካስተማረ መቶ ዓመት ገደማ ሆኖታል። የዲምብልቢ ምስሎች በለንደን «ማንም አላወቀም» ይሉ ነበር፤ እነዚያው ምስሎች በአዲስ አበባ ከግብሩ አጠገብ ሲቆሙ «እያወቀ በላ» አሉ። በሕፃኑ ፊት ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ የተለወጠው ጐረቤቱ ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሚም አንድ ምንጭ ሳይሆን ሦስት ምንጮች አሉት ብንል ትክክል ይመስለናል። እያንዳንዱ ክፍል የተቀረጸበት፣ ሁለቱ የተጋጠሙበት፣ ጽሑፉም የተለጠፈበት። «ምንጩን አገኘሁ» የሚል መርማሪ ከሦስቱ የትኛውን እንዳገኘ መናገር አለበት። የመጀመሪያውን ብቻ ያገኘ ሰው ሁለቱም ምስሎች እውነተኛ ናቸውና ሚሙ እውነት ነው ይላል። ሁለተኛውን ያገኘ ግን፣ ጥንዱ ስለ ንጉሡ ማዕድ ከሚመሰክረው ይልቅ ሥልጣን ሊይዝ የተዘጋጀው ደርግ በዋዜማው ስለ ሠራው ሥራ የሚመሰክረው እንደሚበልጥ ያያል።

የሕፃኑ ግማሽ ለብቻው መመርመር ያለበት ሌላም ምክንያት አለ። በዓለም ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የታወቀው የኢትዮጵያ ረሃብ ምስል የ1966ቱ አይደለም፤ ኬንያዊው መሐመድ አሚን በኮረም ያነሣውና ቢቢሲ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ያሳየው ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ያረፉት ነሐሴ 21 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር። በአንድ ጥንድ ውስጥ ያለው ሕፃን ከኮረሙ ፊልም የተወሰደ ሆኖ ከተገኘ፣ ሚሙ ሰውየውን ከሞቱ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በደረሰ ረሃብ እየከሰሰ ነው ማለት ነው። ያ ረሃብ በደረሰ ጊዜ በዙፋኑ ፋንታ የነበረው ደርግ ራሱ ሲሆን፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም. የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ አክብሮ ነበር። በትክክለኛው ቀን ሲነበብ ጥንዱ ተገልብጦ የፈጠረውን ሥርዓት ይከሳል።

ይህ ምርመራ ንጉሠ ነገሥቱን ነጻ ለማውጣት የተጻፈ አድርጎ የሚያነብ ቢኖር አልተረዳንም። በወሎ ሕዝብ በረሃብ ማለቁ፣ መንግሥቱም ነገሩን ሸሽጎ መቆየቱ በሌላ ማስረጃ የጸና ነው፤ ከመጋጠሚያው መቀደድ ጋር አይፈርስም። የሚፈርሰው ጥንዱ ያለ ማስረጃ የጨመረው የአንድ ጊዜነት ስሜት ነው። ይህን ለይቶ ማቅረብ ለሟቾቹም ተገቢ ይመስለናል፤ በሁለት የተለያየ ረሃብ ያለቁትን ሰዎች አንድ ፊት ሰጥቶ መቀላቀል፣ የአንደኛውን ሞት ለሌላው ክስ ማሟያ ማድረግ ነውና።