ሳይድ ቢ ላይ የሚገባው ዘፈን

በካሴት ዘመን ሞያሌ ውስጥ ለወደዷት ልጅ ዘፈን መላክ ማለት ባለ 60 ደቂቃ ካሴት ማስቀዳት ነበር። አንዱ ሳይድ 30 ደቂቃ ይይዛል፤ የዚያን ጊዜ ዘፈን ረዘም ስለሚል አምስት፣ ቢበዛ ስድስት ይገባበታል። ወጣቱ ሙዚቃ ቤቴ ይመጣና ባንኮኒው ላይ ተደግፎ "ጋሼ፣ ምረጥልኝ" ይለኛል። ብዙ ጊዜ ዋናውን ዘፈን ራሱ መርጦ ነው የሚመጣው፤ ከእኔ የሚፈልገው ያ ዘፈን የት ላይ እንደሚገባ እንድነግረው ነው።

መጀመሪያ ላይ አይገባም። ቴፑ ያለው ሳሎን ነው፤ ሳሎን ውስጥ ደግሞ አባት አለ፣ ታላቅ ወንድም አለ። አዲስ ካሴት ቤት ሲገባ ሁሉም ጆሮውን ይሰጣል። ስለዚህ ሳይድ ኤ ማንም የማይቆጣው ዘፈን ይከፍተዋል፤ የአገር፣ የእናት፣ ወይም የሰርግ። ዋናው ዘፈን ሳይድ ቢ መጀመሪያ ላይ ይቀመጣል። ካሴቱን የሚገለብጠው የተሰጠው ሰው ነው፤ እስከዚያ ድረስ የቤቱ ሰው ሰልችቶት ወደ ሥራው ሄዷል። መጀመሪያ ላይ ስለሆነም ደግማ ልትሰማው ስትፈልግ እስከ ጫፍ መጠቅለል ብቻ ይበቃታል፤ መሀል ላይ ቢሆን ቴፑን ወዲያና ወዲህ ስታመላልስ ቤቱ ሁሉ የትኛውን ዘፈን እንደምትፈልግ ያውቅባታል። የዘፈኖቹ ዝርዝር የሚጻፍበት ወረቀት ላይ ምልክት ማድረግን አጥብቄ እከለክል ነበር። ልብ ተስሎበት ወይም ከሥሩ ተሰምሮበት የደረሰ ዘፈን "አላስተዋልኩትም" የሚያሰኝ መንገድ አይተውም።

ያ መንገድ ደግሞ መኖር አለበት። የዘፈን ስንኝ ለማሽኮርመም የሚመቸው የሌላ ሰው ቃል ስለሆነ ነው። ላኪው "ዜማው ደስ ብሎኝ ነው" ብሎ ሊመለስ ይችላል፤ ተቀባይዋም "ጥሩ ዘፈን ነው" ብላ ልታልፈው ትችላለች። በማግስቱ ገበያ ላይ ሲገናኙ ማንም ሳያፍር ሰላም ይባባላሉ። ሁሉም ሰው ሁሉንም በሚያውቅበት የጠረፍ ከተማ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያለ እሷ ቀን እንደማይመሽለት የሚምል ዘፈን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ገና ስሟን በጠየቀ ማግስት ሲላክ ልጅቷን ከሁለት አንዱን እንድትመርጥ ያስገድዳታል፤ ወይ መቀበል፣ ወይ ማሳፈር። አብዛኛዎቹ ልጆች በዚህ ጊዜ ዝም ይላሉ፤ ልጁ ደግሞ ዝምታውን እንደ ጥላቻ ይወስደዋል።

ይህን ከማንም ቀድመው የተረዱት ሶማሌዎች ይመስሉኛል። በ1940ዎቹ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ቦረማ አካባቢ አብዲ ሲኒሞ የሚባል የጭነት መኪና ሹፌር "ባልዎ" የተባለውን አጭር የፍቅር ዜማ አስጀመረ። ረጅም ቅኔ በለመደ ሕዝብ መሀል ጥቂት መስመር ብቻ ነበር፤ ፍቅሩንም በምስል ጠቅሶ ያልፋል። ሼኾቹ አወገዙት፤ ወጣቱ ግን እየተቀባበለው በመኪና መንገድ ከከተማ ወደ ከተማ አደረሰው፤ በኋላም ለዘመናዊው የሶማሌ ዘፈን መሠረት ሆነ። አዲስ አበባን ከናይሮቢ በሚያገናኘው መንገድ ላይ የምንኖር እኛም ዘፈን የሚደርሰን በሹፌርና በረዳት እጅ ነበር። አጭር ስንኝ መንገድ ላይ አይሰበርም፤ ሰሚው የጎደለውን ከራሱ ይሞላዋል።

ሞያሌ ላይ ምርጫውን የሚያበዛው የቋንቋው ብዛት ነው። ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ፣ አማርኛና ስዋሂሊ በአንድ ሱቅ ውስጥ ይነገራሉ። አማርኛ ዘፈን አንድ ችግር አለው፤ "አንተ" እና "አንቺ" ይለያያሉ፣ ግሱም አብሮ ይለያያል። ወንድ ለሴት የዘፈነውን ሴት ልጅ ለወንድ መልሳ ብትልክ ስንኙ ራሷን እያወደሰ ይመለሳል። ስለዚህ በአማርኛ ለምትልክ ሴት ከአስቴር አወቀና ከመሰሎቿ መምረጥ ግድ ነበር። በኦሮምኛና በሶማልኛ ግን የሁለተኛው መደብ ግስ ጾታ አይለይም፤ ስዋሂሊም እንደዚያው። አንድ ዘፈን ሄዶ በዚያው ቃል ሊመለስ ይችላል። በኦሮምኛ መጠንቀቅ ያለብን ቆንጆ እንደሚሉት ያሉ ቅጽሎች ላይ ነው፤ እነዚያ ጾታ ያወጣሉ። ለዚህ ነው አይናፋር ሴቶች ቋንቋው አማርኛ በሆነበት ቤት እንኳ የኦሮምኛ ዘፈን ያስቀዱ የነበሩት። አሊ ቢራ በኦሮምኛም፣ በአማርኛም፣ በሐረሪም፣ በሶማልኛም መዝፈኑ እኛን ብዙ ጠቅሞናል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ባንኮኒዬ ላይ ያለቀሱት ሰዎች አንድ ቋንቋ አልነበራቸውም።

ሁለተኛው ነገር ዝናብ ነው። በደጋ ዘፈን ክረምት ጭጋግ ነው፤ ወንዝ የሚሞላበት፣ ወዳጅ ከወዳጅ የሚቆራረጥበት፣ ሰው ቤቱ ተቀምጦ የሚናፍቅበት። ቦረና ላይ ዝናብ ወተት ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ጋና ሲገባ ከብቱ ያገግማል፣ የሰው ፊት ይፈታል፣ የሰርግ ወሬ ይጀምራል። ከደጋ የመጡ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች የመጀመሪያው ጠብታ ሲወርድ የሚያለቅስ የክረምት ዘፈን ሊልኩ ሲሉ እመልሳቸው ነበር፤ ተቀባይዋ ደስታዋ ላይ ሐዘን የተላከባት ነው የሚመስላት። የናፍቆቱ ዘፈን ለቦና ይቀመጥ፤ እዚህ አገር ሰው የሚለያየው ከብቱን ይዞ ውኃና ሣር ፍለጋ ሲሄድ ነው። ከ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ደግሞ ሌላ ሕግ መጣ። ከብቱ ላለቀበት ቤት ልጅ የፍቅር ዘፈን አይላክም። በዚያ ጊዜ ምርጫ ለጠየቁኝ "ሄደህ እንዴት ሰነበታችሁ በል" ከማለት ሌላ ምክር አልነበረኝም።

ካሴቱ ሄዶ ሚሞሪ ማስጫን መጣ፤ አሁን ደግሞ ሁሉም በስልክ ሆኗል። ቢሆንም ለምርጫ የሚመጣ አልጠፋም። አንዱን ላንሳ። ልጁ ከነገሌ ቦረና መጥቶ እዚህ የሚያስተምር ነው፤ ኦሮምኛና አማርኛ ይችላል። እሷ ከኬንያው ሞያሌ ናት፤ የተማረችው እዚያ ነው፣ የምትሠራውም እዚያው ሱቅ ውስጥ ነው፤ ኦሮምኛና ስዋሂሊ ትችላለች፣ አማርኛዋ ግን የገበያ ነው። እሱ ሳቦ፣ እሷ ጎና መሆናቸውን አስቀድሞ አጣርቷል፤ ሁለቱም ከአንዱ ወገን ቢሆኑ ኖሮ በቦረና ሥርዓት መጋባት ስለማይችሉ የእኔም ሥራ አይኖርም ነበር። ይዞት የመጣው የማሕሙድ አሕመድን "ትዝታ" ነው።

ሁለት ነገር ነገርኩት። ትዝታ ያለፈን ነገር ይናገራል፤ እናንተ ገና አንድ ሻይ አብራችሁ አልጠጣችሁም። ሁለተኛ፣ የአማርኛውን ቅኔ እሷ አትሰማውም፤ የሚደርሳት ዜማው ብቻ ነው፣ ዜማው ደግሞ ያዘነ ነው። አንድ የቆየ የኦሮምኛ ዘፈን አወጣሁለት፤ ዘፋኙ ውበቷን ሳይቆጥር፣ ሳይምል፣ የት እንደምትውል ብቻ የሚጠይቅበት። አዝማቹን እንዳይቆርጥ ነገርኩት። አዝማችን ሁሉም ያውቀዋል፤ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ለእሷ ተብሎ የተመረጠ አይመስልም። ከሁለተኛው ስንኝ ግማሽ ደቂቃ ወሰድን፤ መሣሪያው ለብቻው ከሚጫወትበት ጥቂት ሰከንድ ጀምሮ፣ ጥያቄው ሲያልቅና ዘፋኙ ወደ ወቀሳ ከመዞሩ በፊት አበቃን። መቁረጫው ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ አንድ መስመር ሲጨምር ደስ የሚለው ጥያቄ ወደ ስሞታ ይቀየራል።

መጀመሪያ በቀጥታ አልላከላትም። ዋትሳፕ ስታተሱ ላይ አደረገው። ስታተስ እንደ ሳይድ ቢ ነው፤ ሁሉም ያየዋል፣ ግን ለማን እንደሆነ የሚያውቀው የሚመለከተው ብቻ ነው። የጥሪ ማሳመሪያ የማድረግ አሳቡን ግን እንዲተው ለመንኩት። ያኔ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህርም፣ እናቱም በደወሉ ቁጥር ያንኑ ይሰማሉ፤ ነገሩ ቢቀርም ለመቀየር ሰበብ ይፈልጋል።

መልሱን እንዴት እንደሚያነብ ነግሬው ነበር። ዘፋኙን ካመሰገነች በትሕትና አልፋዋለች፤ እዚያው ላይ ይቁም። ስንኙን ካነሳች፣ ወይም "ይህ ለማን ነው?" ካለች በሩ ገርበብ ብሏል። በራሷ ዘፈን ከመለሰች ደግሞ ያን ዘፈን እስከ መጨረሻው መስማት አለበት፤ ሰው መልሱን የሚያስቀምጠው መጀመሪያው መስመር ላይ አይደለም። እሷ በሁለተኛው ቀን የራሷ ስታተስ ላይ "ማላይካ"ን አደረገች።

ልጁ ስዋሂሊ ስለማይችል ዜማው ደስ ብሎት፣ ፊቱ በርቶ መጣ። የኬንያው ፋዲሊ ዊሊያም በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960ዎቹ ያስቀረጸው፣ ሚሪያም ማኬባ ለዓለም ያደረሰችው ይህ ዘፈን የሚወዳትን መልአኬ እያለ የሚጠራ ወንድ ዘፈን ነው፤ ሊያገባት ይፈልጋል፣ ገንዘብ ግን የለውም። ማኬባም ስለዘፈነችው ከሴት ልጅ እጅ ሲመጣም አይከብድም። ይህን ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። "ድሃ ነህ እያለችኝ ነው?" አለ። ሊሆን ይችላል። "የጥሎሹ ነገር አያስፈራህም ወይ?" ማለቷም ሊሆን ይችላል። በጣም የታወቀ ዘፈን ስለሆነ ዜማውን ወዳው ብቻም ሊሆን ይችላል። ሦስቱንም እኩል የሚሸከም ስንኝ ነው የመረጠችው፤ ልጅቷ ከእኔ የተሻለች መራጭ ናት።

ሌላ ዘፈን እንድመርጥለት ፈለገ። አልመረጥኩለትም። ስለ ከብት፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ሽማግሌ የሚነሳ ጥያቄ ላይ ስንኝ ከተላከ ማምለጫ ነው የሚሆነው፤ እሷ ደግሞ በዘፈን የሚቻለውን ያህል ጠይቃለች። ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ነገሌ ያለው ቤተሰቡ ምን እንዳለው፣ ሽማግሌ ለመላክ ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈልግ በኦሮምኛ፣ በራሱ አፍ፣ ሱቋ ሄዶ እንዲነግራት መከርኩት። ቅዳሜ ከትምህርት ቤት ነፃ ስለሆነ መታወቂያውን ይዞ በኬላው በኩል ተሻገረ።